መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ቅር ሳያሰኙ መሰናበት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ስለ አጭር ጨዋታ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲሄዱ፣ ታክሲ ተራ ሲጠብቁ ወይም ከባንክ ሲወጡ የሚያውቁትን ሰው ያገኛሉ፤ ከሦስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆመው ይጫወታሉ፤ ከዚያ መለየት አለ። ቁጭ ተብሎ ቡና ስለሚጠጣበት ጨዋታ ወይም ስለ እንግዳ አሸኛኘት እዚህ አናነሳም፤ የእነዚያ ሥርዓት ሌላ ነው።

ሰው ቅር የሚለው ቶሎ ስለተለዩት አይደለም እንዴ?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ቆመው ደስ ብሏቸው የሚለያዩ አሉ፤ ሃያ ደቂቃ አውርተው በመጨረሻዋ አምስት ሰከንድ የሚቀያየሙም አሉ። «ፊት ነሳችኝ» ወይም «ጥሎኝ ሄደ» የሚባለው የጨዋታው ርዝመት አንሶ ሳይሆን ከጨዋታው ወደ «ቻው» የሚያሻግረው ደረጃ ተዘልሎ ነው።

ይህን ደረጃ በንግግር ጥናት ውስጥ ለይተው ያሳዩት ኢማኑኤል ሼግሎፍ እና ሃርቪ ሳክስ የሚባሉ አሜሪካውያን ሲሆኑ ጽሑፋቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ያዩት ነገር ቀላል ነው። ሰው ከወሬው መሃል ተነስቶ ስንብት ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ አንደኛው «እኔ የምጨምረው የለኝም» የሚል ምልክት ያሳያል። ሌላው ያልተናገረው ነገር ካለው ያነሳል፣ ከሌለውም «እኔም ጨርሻለሁ» የሚል ምልክት ይመልሳል። ስንብቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እነሱ ያጠኑት የእንግሊዝኛ የስልክ ንግግር ነበር፤ እኛ ግን ለዚሁ ሥራ የተሰፋ የሚመስል ቃል አለን፦ «በል እንግዲህ»።

«በል እንግዲህ» ስል ሰውየውን ማባረር አይሆንብኝም?

ከተናገሩ በኋላ ዝም ካሉ አይሆንም። ቁልፉ ያ ዝምታ ነው። «በል እንግዲህ» (ለሴት «በይ እንግዲህ»፣ ለብዙ ሰውና ለታላቅ «በሉ እንግዲህ») ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ድምፁ መጨረሻ ላይ ሳይዘጋ ክፍት ይቀራል። ከተናገሩት በኋላ አንድ ሁለት ሰከንድ ሰውየውን እያዩ ይቆዩ። በዚያች ክፍተት ውስጥ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። «እሺ በይ» ካለ ተስማምታችኋል። «እ... እሱን ሳልነግርሽ» ካለ ደግሞ በሆዱ ይዞት የነበረው ነገር ወጣ ማለት ነው፤ እሱን ሰምተው፣ በደንብ መልሰው፣ እንደገና «በል እሺ» ይላሉ።

የሚበላሸው «በል እንግዲህ ቻው» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ሲነገር ነው። ቃሎቹ ጨዋ ናቸው፤ የሰውየው ተራ ግን ተበልቷል። እግር ቀድሞ ሲዞርም እንደዚያው ነው። አፍ «በል እንግዲህ» እያለ ጫማው ወደ ታክሲው ከዞረ ሰውየው የሚያምነው ጫማውን ነው። ስለዚህ «በል እሺ» ተብሎ እስኪመለስልዎ ድረስ ትከሻዎ ወደ እሱ እንደዞረ ይቆይ።

መሄዴን መቼ ልናገር?

ከቸኮሉ ሰላምታው ላይ ይናገሩት። በመጀመሪያው ደቂቃ የተነገረ «9 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ» ወሬ ነው፤ በአሥረኛው ደቂቃ የተነገረው ግን ሰበብ ይመስላል፣ ምንም እውነት ቢሆን። ቀድሞ የሰማ ሰው ዋናውን ነገር አስቀድሞ ያወራል፤ ጭራሽ «ቀጠሮሽ እንዳያልፍ» ብሎ ስንብቱን ራሱ ይጀምርልዎታል።

ሌላው መነገር ያለበት፣ የቤተሰብ ጥያቄ ሁሉ ከፊት ይለቅ። እናት፣ ባለቤት፣ ልጆች፣ ሥራ፣ ሁሉም በሰላምታው ይጠየቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «በል እንግዲህ» ካለ በኋላ አክብሮት መስሎት «ልጆቹስ እንዴት ናቸው?» ብሎ ሲጨምር ነው። ጥያቄ መልስ ይጠይቃል፤ የተዘጋው በር እንደገና ይከፈታል፤ ከዚያ መልሱ ሳያልቅ ሰዓት እያዩ መነቅነቅ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ቤተሰቡን ማንሳት ከፈለጉ «ልጆቹን ሰላም በልልኝ» ይበሉ። እሱ አደራ ስለሆነ መልሱ «እሺ» ብቻ ነው።

በተግባር ምን ይመስላል?

አንዲት ሴት ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋን አገኘች እንበል። ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ30 ነው። 9 ሰዓት ላይ ፒያሳ ቀጠሮ አላት፤ ሽቅቡን በእግር ነው የምትሄደው።

እሷ፦ «ውይ አንተ! ሰው እንዲህ ይጠፋል? 9 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ፣ እየበረርኩ ነው፤ ግን ሰላም ሳልልህ አላልፍም። እንዴት ነህ? ቤት ሁሉ ሰላም?»

እሱ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን። ቤት ቀየርን እኮ! ኮንዶሚኒየም ደርሶን አያት ገባን።»

እሷ፦ «እልል! እንኳን ደስ አላችሁ። ልጅቷስ፣ ትምህርት ቤቷ አልራቀም?»

እሱ፦ «ያስቸገረን እሱ ነው። ዓመቱ ይለቅ ብለን ከዚያው ነው የምትመላለሰው። ሌሊት 11 ሰዓት ነው የምንነሳው።»

በዚሁ ሦስት ደቂቃ ያህል ይሄዳሉ። ወሬው ትንሽ ሲረግብ፦

እሷ፦ «በል እንግዲህ...» (ዝም ብላ ታየዋለች)

እሱ፦ «እኔ ደግሞ፣ የእናትሽን ጤና እንኳ ሳልጠይቅሽ! እንዴት ሆኑ?»

እሷ፦ «ተመስገን፣ ተሽሏቸዋል። አሁንማ ቤተ ክርስቲያን ራሳቸው ይሄዳሉ። እንደጠየቅካቸው እነግራቸዋለሁ።»

እሱ፦ «በጣም ደስ ይላል።»

እሷ፦ «በል እሺ፣ አላቁምህ። የልጅቷን መመላለስ እግዜር ያቅልላችሁ፤ በዚህ ብርድ ሌሊት 11 ሰዓት ቀላል አይደለም። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ።»

እሱ፦ «እሺ በይ፣ ቀጠሮሽ እንዳያልፍ። አትጥፊ።»

እሷ፦ «አልጠፋም። ደህና ዋል።»

እሱ፦ «ደህና ዋይ፣ ቻው።»

አምስት ደቂቃ ቢሞላ ነው፤ ስንብቱ ራሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያው «በል እንግዲህ» የከሸፈ ይመስላል፤ አልከሸፈም። የእናቷን ጥያቄ ያወጣው እሱ ነው። ዘላው ቢሆን ኖሮ ሰውየው «የታመመች እናቷን እንኳ ሳልጠይቅ» እያለ በራሱ አፍሮ ይሄዳል፤ ያ ሀፍረት ደግሞ ቀስ ብሎ «እሷም እኮ አላስጠየቀችኝም» ወደሚል ይዞራል።

ሁለተኛው ነገር ሌሊት 11 ሰዓት መነሳታቸውን መልሳ ማንሳቷ ነው። የስንብት ምርቃት ለማንም የሚሆን ከሆነ («ሁሉን ያሳካልህ») ጨዋ ነው፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ከራሱ ወሬ አንድ ነገር ይዞ የተመረቀ ሰው ግን መሰማቱን ያውቃል። ከሁሉ ርካሹና ብዙ የሚሠራው ይህ ነው፤ ደግሞም ካላዳመጡ በቀር ሊያስመስሉት አይችሉም።

የመሄጃ ምክንያት የግድ ነው? ከሌለኝስ?

የግድ አይደለም፣ ግን ያግዛል። ምክንያቱ ከሁለታችሁ ውጭ ያለ ነገር ቢሆን ይሻላል፦ ሰዓት፣ ቀጠሮ፣ ዝናብ፣ የታክሲ ሰልፍ። ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» ብሎ ሲጣራ ስንቱን ስንብት አሳምሮ እንደዘጋ! ያ ሁሉ ሲጠፋ የእሱን ምቾት ምክንያት ያድርጉ፦ «አላቁምህ»፣ «ከሥራ አላስፈታሽ»፣ «ፀሐይ ላይ አስቆምኩህ»። እነዚህ ውሸት አይደሉም፤ በእርግጥም አቁመውታል።

የተፈጠረ ቀጠሮ ግን ይተዉ። መሃል አዲስ አበባ ትንሽ ናት። «ሆስፒታል ሰው ልጠይቅ ነው» ብለው ከሩብ ሰዓት በኋላ ማኪያቶ ይዘው ከታዩ፣ ያ ሰው የሚያስታውሰው ማኪያቶውን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ድሮ ጠባቡ እግረኛ መንገድ ራሱ ይገላግል ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ሲገፋ ስንብቱ ይፈጥናል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ባለው መንገድ እግረኛው ሰፍቷል፣ መቀመጫም አለ። የሚገፋ ሰው ስለሌለ «በል እንግዲህ»ን ራስ አስታውሶ ማለት ያስፈልጋል።

«ና ቡና እንጠጣ» ቢለኝስ?

መጀመሪያ ግብዣው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። አንዴ ተብሎ፣ ቦታ ሳይጠራ፣ ሰውየው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ከሆነ የፍቅር መግለጫ ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ነው የጠጣሁት» በቂ ነው። ሁለተኛ ከደገመው፣ ቤቱን በእጁ ካሳየ ወይም ክንድ ይዞ መራመድ ከጀመረ ግን ከልቡ ነው። ይህኛውን በ«ሌላ ጊዜ» ብቻ መመለስ ይጎዳል።

ከልብ የሆነውን ግብዣ ሲመልሱ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይበሉ፦ ምስጋና፣ የዛሬው እንቅፋት፣ እና እርስዎ የሚጋብዙበት ቀን። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እዚሁ ነኝ፣ በእኔ ይሁን፤ ይመችሃል?» ግብዣውን ወደ ራስ ማዞር ክብሩን ይጠብቃል፤ እንቢ ሳይሉት ተራ ቀየሩ። ቀን የሚጠሩት ግን የሚገኙ ከሆነ ብቻ ነው።

«እደውልልሃለሁ» ብዬ ሳልደውል ብቀርስ?

«እንደዋወላለን»፣ «እንገናኛለን»፣ «አትጥፋ» የስንብት ቋንቋ ናቸው፤ ቃል እንደገቡ የሚቆጥርብዎ ሰው ጥቂት ነው። ቀን ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። «ቅዳሜ እደውላለሁ» ካሉ ቅዳሜ ስልኩን የሚያይ ሰው አለ። በጥሩ ስንብት የተለያየን ሰው ዘግይቶ ቅር የሚያሰኘው በአብዛኛው ይህ ነው፦ ስንብቱን ለማጣፈጥ የተጨመረ ቀን። እርግጠኛ ካልሆኑ «እንደዋወላለን» ላይ ያቁሙ።

ታላቅ ሰው ሲሆኑስ? «ልሂድ» ማለት ነውር አይደለም?

ነውር የሚሆነው አባባሉ ነው። ለእማማ ወይም ለጋሼ «ቸኩያለሁ» አይባልም፤ ምክንያቱን ወደ እሳቸው ድካም ያዙሩት፦ «እማማ፣ አቆምኩዎት እኮ፤ እንዳይደክምዎ»። ዕቃ ይዘው ከሆነ እስከ ማቋረጫው ይዞ ማድረስ ከየትኛውም ቃል ይበልጣል፤ ማቋረጫው ራሱ መለያያ ይሆናል።

ከዚያ ምርቃት ይመጣል፤ ብዙ ወጣት የሚሳሳተውም እዚህ ነው። «እደግ፣ ተመንደግ፣ ክፉ አይንካህ» እየተባለ «እሺ፣ እሺ፣ ቻው» ብሎ መንቀሳቀስ ምርቃቱን መሬት መጣል ነው። ቆመው፣ ጎንበስ ብለው፣ «አሜን» እያሉ ይቀበሉ። ርዝመቱ ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ነው። ሲጨርሱ «አሜን፤ ደህና ይዋሉ» ብለው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ካሉ በኋላ ይዞራሉ። ምርቃቱ የስንብቱ መጨረሻ ስለሆነ ከእሱ በኋላ አዲስ ወሬ አይጨመርም።

መሃል ላይ የሞት ወሬ ቢመጣስ?

ይኼኔ የተለመደው ስንብት በሙሉ ይቀራል። ሰውየው «አባቴ እኮ አረፉ» ካለ፣ ቢቸኩሉም ሁለት ደቂቃ ይስጡ። «ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናህ። ሳልሰማ!» ካሉ በኋላ መቼ እንዳረፉ ይጠይቁ፤ ይህ ለወሬ ሳይሆን ለቅሶ ለመድረስ ነው። ሰፈሩ እንደቀድሞው መሆኑን አረጋግጠው ቤት እንደሚመጡ ይንገሩትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድረሱ። ለሌላ ሰው የማይመከረው ቀን የተቆረጠለት ቃል እዚህ ግዴታ ነው። መለያው «በርታ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው፤ «ቻው» እና ሳቅ እዚህ ቦታ የላቸውም።

ተሰናብተን ሁለታችንም ወደ አንድ አቅጣጫ ብንሄድስ?

ይህ ሁሉንም ያጋጥማል፤ መድኃኒቱ ከ«በል እንግዲህ» በፊት «ወዴት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አቅጣጫው አንድ ከሆነ ስንብቱን ለመለያያው ያቆዩት፦ «እስከ ታክሲው አብረን እንሂድ»። አምልጦዎ ተሰናብተው ጎን ለጎን ከተገኙ ቀድመው ይሳቁበትና አብረው ይሂዱ። ላለመታየት ዘግየት ማለት ወይም መንገድ መሻገር ከታየ ነገሩን ያከፋዋል።

ታክሲ ውስጥ ሲሆን ስንብቱን ከመውረጃዎ አንድ ፌርማታ ቀደም ብለው ይጀምሩ። «ወራጅ አለ!» ካሉ በኋላ ለ«በል እንግዲህ» ጊዜ የለም፤ ረዳቱ በሩን ከፍቷል፣ ከኋላም ሌላ ወራጅ አለ። ሰውየው ሂሳብዎን ከከፈለልዎ ምስጋናውም ከዚህ በፊት ይለቅ።

ሁለት ጊዜ «በል እንግዲህ» ብዬ ባይለቀኝስ?

ሦስተኛው ላይ ቃሉን በግልጽ ነገር ይተኩት፦ «በጣም መስማት እፈልጋለሁ፣ ግን አሁን ካልሄድኩ አልደርስም። ይኼን ነገር በስልክ ጨርስልኝ።» «ይኼን ነገር» የሚለውን በስሙ ይጥሩት፤ የመሬቱን ጉዳይ ከሆነ የመሬቱን ጉዳይ። ከዚያ እጅ ይዘርጉ ወይም ትከሻ ይግጠሙ፤ የተጀመረ የሰውነት ስንብት በወሬ አይቋረጥም። እሱ እያወራ ዓይንን ወደ ስልክ መላክ ግን አይሠራም፤ ሰውየው ወሬውን የሚያቆመው ጨርሶ ሳይሆን ተቀይሞ ነው።

ለነገሩ እሱም መሄድ ፈልጎ አፍሮ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 932 ጨዋታዎችን መርምሮ፣ ሁለቱም ወገኖች በፈለጉበት ቅጽበት ያበቃው ከሞላ ጎደል እንደሌለ አግኝቷል። እያንዳንዱ ሰው ሌላው ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፤ ላለመጉዳትም የራሱን ይደብቃል። ስለዚህ ቀድሞ «በል እንግዲህ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ነው የሚገላግለው።

በስልክና በቴሌግራምስ?

በስልክ ደረጃው ያው ነው፤ ልዩነቱ ፊት ስለማይታይ «እሺ... በይ እሺ... እሺ ቻው፣ ቻው» እየተባለ መደጋገሙ ነው። ያ መደጋገም ትርፍ አይደለም፤ የትከሻውንና የእጁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የመጨረሻውን «ቻው» ሰምተው ይዝጉ።

በቴሌግራም መልስ የማያስፈልገው የመጨረሻ መልእክት ላይ ልብ መጫን በቂ ነው። ጥያቄ ከሆነ ግን ልቡ መልስ አይሆንም፤ «አሁን ስብሰባ ልገባ ነው፣ ማታ እመልስልሃለሁ» ብሎ ጽፎ መውጣት ይሻላል።

ከተለያየን ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሰን ብንገጣጠም ሁሉንም ከመጀመሪያው ነው?

አይ። ፈገግታና «ዛሬማ አልተለያየንም!» ይበቃል። ሳይቆሙ ይለፉ።